በንጉሥና በሩክ ብቻ ማት ማድረግ፦ ችግርና መፍትሄ

የቼዝ ቦርዱ ላይ የቀሩት የእናንተ ንጉሥና ሩክ፣ እንዲሁም የተቃራኒው ብቸኛ ንጉሥ ናቸው። ተራው የእናንተ ከሆነ፣ ሦስቱ የትም ይቁሙ የት፣ በትክክል ከተጫወታችሁ ቢበዛ በ16 እርምጃ ማት ይሆናል። ሕጉ የሚሰጣችሁ 50 እርምጃ ነው። እንደዚያም ሆኖ ይህ ጨዋታ በየቀኑ አቻ ሲወጣ ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚበላሸው በአንድ ስህተት ነው። እንግዲህ ከእሱ እንጀምር። ከታች በምሳሌዎቹ ሁሉ እናንተ ነጭ ናችሁ፤ K ንጉሥ፣ R ሩክ፣ + ቼክ፣ # ማት ማለት ነው።

ችግር፦ ቼክ በቼክ ብታደርጉትም ጥቁሩ ንጉሥ ተመልሶ መሃል ቦርዱ ላይ ይቆማል

ምክንያቱ፦ ሩኩ ቼክ ለማለት አጥሩን ለቆ ይሄዳል። ሩክ አንድ አግድም መስመር ላይ ሲቆም ጥቁሩ ንጉሥ ያንን መስመር መርገጥ አይችልም። የሩኩ ዋና ሥራ ይህ ነው፤ ቼክ ማለት በየመሃሉ የሚመጣ ነገር ነው። ነጭ ንጉሥ d2፣ ሩክ a4፣ ጥቁር ንጉሥ e5 ላይ ናቸው እንበል። 4ኛው መስመር ተዘግቷል። አሁን ቸኩላችሁ Ra5+ ካላችሁ 4ኛው መስመር ክፍቱን ይቀራል፤ ጥቁሩም Kd4 ወይም Ke4 ብሎ ወደ እናንተ ሜዳ ይገባል። የአስር እርምጃ ልፋት በአንድ ቼክ ሄደ ማለት ነው።

መፍትሄው፦ ቼክ የምትሉበት ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ሁለቱ ንጉሦች በአንድ ቁልቁል መስመር ላይ፣ በመሃላቸው አንድ ቤት ብቻ ቀርቶ ሲፋጠጡ፣ ተራውም የእናንተ ሲሆን። ያኔ የእናንተ ንጉሥ ከፊቱ ያሉትን ሦስት ቤቶች ስለሚጠብቅ ጥቁሩ ወደፊት መምጣት አይችልም፤ ቼኩ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ንጉሦቹ እስኪፋጠጡ ድረስ ሩኩ አጥሩን ይጠብቅ፣ ንጉሣችሁ ይጠጋ።

ከዚያው ቦታ በትክክል ሲሄድ ይህን ይመስላል፦

```
1. Kd3  Kd5
2. Ra5+ Kc6
3. Kd4  Kb6
4. Rh5  Kc6
5. Rg5
```

በ1ኛው እርምጃ ንጉሣችሁ የጥቁሩ ፊት e3 ላይ እንዳልቆመ ልብ በሉ። እዚያ ቢቆም መፋጠጡ በጥቁሩ ተራ ይሆናል፤ እሱም ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ይገላገላል። የቆመው በአንድ ቤት ዘወር ብሎ፣ ፈረስ በሚዘልበት ርቀት ላይ ነው። ጥቁሩ ራሱ Kd5 ብሎ ሲፋጠጥ ቼኩ መጣ፤ 4ኛው መስመር ላይ c4፣ d4፣ e4 በንጉሣችሁ ስለተያዙ መሄጃው ወደ 6ኛው ብቻ ነው። አንድ መስመር ቀማችሁ። Kd5 በማለት ፈንታ Kf5 ብሎ ቢሸሽ Ke3 እያላችሁ ትከተሉታላችሁ፤ ቦርዱ ማለቂያ የሌለው ስላልሆነ ጥግ ሲደርስ ተመልሶ መፋጠጡ አይቀርም።

3ኛው እርምጃ ላይ ጥቁሩ Kb6 ብሎ ሩኩን ነክቷል። ብዙዎች እዚህ ደንግጠው ሩኩን ከ5ኛው መስመር ያወጡታል። አታውጡት! በዚያው መስመር ወደ ሌላኛው ዳር ውሰዱት፦ Rh5። አጥሩ አልተነካም፤ ጥቁሩ ሩኩን ለማሳደድ ያን ሁሉ መንገድ መልሶ መሄድ አለበት።

5ኛው እርምጃ የዚህ ሁሉ ቁልፍ ነው። ንጉሦቹ d4 እና c6 ላይ፣ በፈረስ ርቀት ናቸው፤ ተራው የእናንተ ነው፤ ንጉሣችሁን ካንቀሳቀሳችሁ ያማረው አቋም ይፈርሳል። ስለዚህ ሩኩን በዚያው መስመር አንድ ቤት አንቀሳቅሳችሁ ተራውን ለጥቁሩ ትሰጡታላችሁ። Kd6 ቢል ተፋጥጧል፤ Rg6+። Kb6 ቢል Kc4፤ ከዚያ Ka6 ቢል Kb4፤ 6ኛው መስመር ላይ ልቆይ ካለ የሚቀረው Kb6 ብቻ ነው፤ Rg6+። በራሱ ፈቃድ ወደ 7ኛው መስመር ከወረደ ደግሞ ቼክ ባይኖርም ሩኩን በቀስታ ወደ g6 አውጡት። ይኸው አካሄድ እስከ ቦርዱ ጠርዝ ይደጋገማል። እ.ኤ.አ. በ1912 ስፔናዊው መሐንዲስ ሊዮናርዶ ቶሬስ ኬቬዶ የሠራው ማሽን ይህንኑ የንጉሥና የሩክ ፍጻሜ ብቻ ይጫወት ነበር፤ ሁልጊዜ አጭሩን መንገድ ባይመርጥም፣ በቋሚ ደንብ እየተመራ ማት ያደርግ ነበር።

ችግር፦ ጥቁሩ ጠርዝ ላይ ደርሷል፣ ማቱ ግን አልመጣ ይላል

ምክንያቱ ያው ነው፤ ተራ መስጠት ሲገባ ንጉሡን ማንቀሳቀስ። ነጭ ንጉሥ e6፣ ሩክ a7፣ ጥቁር ንጉሥ f8፤ ተራው የእናንተ። Ra8+ ካላችሁ Kg7 ብሎ ያመልጣል፤ ጠርዝ ላይ ያደረሳችሁት በከንቱ ነበር። Kf6 ካላችሁ ደግሞ ራሳችሁ ሄዳችሁ ተፋጠጣችሁ፤ ጥቁሩ Ke8 ብሎ ወደ ሩኩ በኩል ይሮጣል። ማቱ አሁንም ይገኛል፣ ግን በ7ኛው እርምጃ፣ ያውም b8 ላይ ደርሶ ሩካችሁን ከነካ በኋላ።

መፍትሄው Rb7 ነው። አንድ ቤት፣ በዚያው መስመር። Ke8 ቢል Rb8 ማት። Kg8 ቢል፦

```
2. Kf6  Kh8
3. Kg6  Kg8
4. Rb8#
```

2ኛው እርምጃ ላይ Kh8 ሳይሆን Kf8 ቢል ወዲያው Rb8 ማት ነው።

ችግር፦ ስቴልሜት

በዚሁ ጨዋታ ላይ፣ ንጉሣችሁ f6፣ ጥቁሩ h8 ሲሆን፣ ላጥብበው ብላችሁ Rg7 ካላችሁ አለቀ። g8ንም h7ንም ሩኩ ይዟል፤ ሩኩን እንዳይበላ ንጉሣችሁ ይጠብቀዋል፤ ቼክ ግን የለም። አቻ። ጥቁሩ ጥግ ሲገባ እጃችሁ ሩኩን ከመንካቱ በፊት «ከዚህ በኋላ የት ይሄዳል?» ብላችሁ ቢያንስ አንድ ቤት ፈልጉለት። ቼክ የማትሉ ከሆነ ያ ቤት የግድ መኖር አለበት።

ችግር፦ ሩኩ ተበላ

ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በሰያፍ ነው። ዓይን ቀጥታውን ያያል፣ ሰያፉን ይረሳል። ጥቁሩ g6 ሲሆን h5 ላይ ያለ ሩክ ተነክቷል። ሩኩን ከጥቁሩ ንጉሥ ቢያንስ ሦስት ቁልቁል መስመር አርቃችሁ አቁሙት።

ችግር፦ ተቃራኒው «50 እርምጃ አልፏል» ይላል

ቆጠራው የሚጀምረው ከመጨረሻው መብላት ወይም ከመጨረሻው የወታደር እርምጃ በኋላ ነው፤ በየወገኑ 50፣ 50። ሲጠየቅ አቻ ይሆናል፤ 75 ከሞላ ግን በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን በፊዴ ሕግ ማንም ሳይጠይቅ ያልቃል። በተጨማሪ ሩኩን ወዲያና ወዲህ ስትመላልሱ ያው አቋም ሦስት ጊዜ እንዳይደገም።

ችግር፦ ሰዓት አለቀ

የእናንተ ሰዓት ካለቀ አትሸነፉም፤ ብቸኛ ንጉሥ ማት ማድረግ ስለማይችል አቻ ነው። ሙሉ ነጥብ የነበረው ግን ግማሽ ሆነ። ከ20 ሰከንድ በታች ሲቀራችሁ አጭሩን መንገድ አትፈልጉ፤ አጥር፣ መጠጋት፣ ተራ መስጠት፣ ሲፋጠጡ ቼክ፤ እጃችሁ ያለ ማሰብ የሚሄደው በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን።