የተቋረጠውን የሙያ ግንኙነቴን በሐሙስ ምሳ ሰዓት እንዴት መለስኩት

የሂሳብ ባለሙያ በመሆኔ፣ በተለይ የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት በሰኔ፣ ከቢሮ የምወጣው ከመሸ ነው፤ በዚህም ምክንያት የቀድሞ ባልደረቦቼን የማስታውሳቸው ሲቸግረኝ ብቻ ሆኖ ነበር። መጀመሪያ በየሳምንቱ ለአምስት ሰዎች ለመጻፍ ሞከርኩ፤ ሆኖም ጊዜ ሲያጥረኝ አንዱን መልእክት ለሁሉም መላክ ጀመርኩ፣ የሚመለስልኝም «ደህና ነኝ፣ አንተስ?» ከማለት አላለፈም።

አሁን በደብተሬ የ24 ሰዎችን ስም ይዤ፣ ሐሙስ በምሳ ሰዓት ለሁለቱ ብቻ ስለምጽፍ፣ እያንዳንዱ በ12 ሳምንት አንድ ጊዜ ይደርሰዋል። (የበዓል ምኞትን አልቆጥረውም።) ከስሙ ጎን መጨረሻ ያወራነውን በአንድ መስመር ስለማሰፍር፣ መልእክቴ ከዚያው ይነሳል። ለምሳሌ አንዲት የቀድሞ አለቃዬ አዲስ የሂሳብ ሶፍትዌር ሊያስገቡ መሆኑን ነግረውኝ ስለነበር፣ «የዕቃ ቆጠራው ከአዲሱ ሲስተም ጋር ተመሳከረልዎ?» ብዬ ጻፍኩላቸው፤ በማግስቱ ራሳቸው ደውለው የገጠማቸውን የቁጥር ልዩነት በዝርዝር አጫወቱኝ።

በዚህ መልእክት ውስጥ ምንም ዓይነት ውለታ አልጠይቅም፤ የምጠይቀው ካለኝ ለብቻው በስልክ አቀርባለሁ። ሁለት ጊዜ ያልመለሰልኝን ሰው ወደ ዝርዝሩ መጨረሻ አወርደዋለሁ፣ በሰኔ ደግሞ ሁለቱን ወደ አንድ እቀንሳለሁ።