ፈርሜ የነበረውን ሥራ ሳልጀምር እንዴት እንደተውኩት

ልጀምር ዘጠኝ ቀን ሲቀረኝ የተሻለ ሥራ መጣ። የአዲሱ ውል ተፈርሞ እጄ እስኪገባ ዝም አልኩ፤ በቃል ተስፋ የያዙትን አይለቁም። ከዚያ የድሮውን ውል አንድ በአንድ አነበብኩ። የማስጠንቀቂያ ጊዜ ቢጠይቅ ኖሮ ነገሩ ይከብድ ነበር፤ ደግነቱ አልነበረበትም።

በዚያው ጠዋት ለቀጠሩኝ ኃላፊ ደወልኩ። ኢሜይል ብቻ መላክ ፈሪነት መሰለኝ። «ሌላ ሥራ ተቀብያለሁ፤ ይቅርታ፣ ውሳኔዬ የመጨረሻ ነው» አልኳቸው። የድርጅቱን ስም አልጠራሁም።

«ደመወዝ ብንጨምርልህስ?» አሉኝ። እዚህ ጋ ካመነታህ አለቀልህ፤ መጀመሪያውኑ ለድርድር የደወልክ ይመስላል። አመስግኜ እምቢ አልኩ።

ስልኩን እንደዘጋሁ ያንኑ በሦስት መስመር ኢሜይል ጻፍኩላቸው። ቅር ብሏቸዋል፣ አልዋሽም። ግን ሁለተኛ የወጣውን ተወዳዳሪ በማግስቱ ጠሩት።