የጉግል አድስ አካውንትን በካምፔይንና በአድ ግሩፕ እንዴት ማዋቀርና መሰየም እንደሚቻል

በጉግል አድስ የፍለጋ ማስታወቂያ፣ አካውንቱ በካምፔይኖች ይከፈላል፤ ካምፔይኖቹ ደግሞ በአድ ግሩፖች። ቁልፍ ቃላትና ማስታወቂያዎች የሚቀመጡት አድ ግሩፑ ውስጥ ነው። ጀማሪን የሚያደናግረው አንድን ምርት ካምፔይን ላድርገው ወይስ አድ ግሩፕ የሚለው ጥያቄ ነው። ይህን ለመመለስ የትኛው ቅንብር የት እንደሚገኝ ማወቅ ይበቃል። የቀን በጀት፣ ማስታወቂያው የሚታይበት አካባቢና ለማስታወቂያ ቦታ የምትወዳደሩበት የጨረታ ስልት የሚወሰኑት በካምፔይን ደረጃ ነው። ስለዚህ የራሱ በጀት ወይም የራሱ አካባቢ የማያስፈልገውን ነገር ካምፔይን አታድርጉት።

የቢሮ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ድርጅት እንውሰድ። ወንበርና ጠረጴዛ ይሸጣል፤ ወንበሩ ብዙ ፈላጊ አለው፣ ጠረጴዛው ግን በአንድ ሽያጭ የተሻለ ትርፍ ያስገኛል። ሁለቱ አንድ ካምፔይን ውስጥ ከገቡ፣ ወንበር የሚፈልገው ሰው ብዙ ስለሆነ የቀኑን በጀት ወንበሩ ይጨርሰውና የጠረጴዛው ማስታወቂያ ሳይታይ ይውላል። እዚህ ላይ ሁለት ካምፔይን ያስፈልጋል።

1. ጭብጦቹን ለዩ

ሰዎች ይፈልጓቸዋል የምትሏቸውን ሐረጎች በአንድ ሰንጠረዥ ዘርዝሩ። ከዚያ በእያንዳንዱ ሐረግ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ለዚህ ፈላጊና ለዚያኛው አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ይበቃል ወይ? «የቢሮ ወንበር ዋጋ» እና «የቢሮ ወንበር ግዢ» አንድ ማስታወቂያ ይበቃቸዋል፤ አንድ አድ ግሩፕ ናቸው። «ለጀርባ ሕመም የሚሆን የቢሮ ወንበር» የሚለው ሰው ግን ማየት የሚፈልገው የወንበሩን የጀርባ ድጋፍ ነው፤ ማስታወቂያውም የሚከፈትለት ገጽም ሌላ መሆን አለበት። እሱ ሁለተኛ አድ ግሩፕ ይሆናል።

ከዚህ አልፎ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ቃል አንድ አድ ግሩፕ መክፈት አይመከርም። ጠቅታው በጣም ስለሚበታተን የትኛው ማስታወቂያ እንደሠራ ለመለየት የሚበቃ ቁጥር አይገኝም።

2. ስሙን ከሰፊው ወደ ጠባቡ አዋቅሩ

ስሙ ሲነበብ ካምፔይኑን ሳይከፍቱ ምን እንደሆነ ማወቅ መቻል አለበት። ለምሳሌያችን የሚሆነው ይህ ነው፤ መጀመሪያ የማስታወቂያው ዓይነት፣ ቀጥሎ ምርቱ፣ መጨረሻ ላይ አካባቢው፦

```
Search_Chairs_North
Search_Desks_North
```

አድ ግሩፖቹ ደግሞ፦

```
Chairs_Office
Chairs_BackPain
```

ክፍሎቹን በ `_` ብቻ ለያዩ፤ ቅደም ተከተሉንም አትቀይሩ። አካውንቱ በፊደል ተራ ሲደረደር ተመሳሳዮቹ ጎን ለጎን የሚሆኑት በዚህ ነው። `Chairs` ብላችሁ ከጀመራችሁ ነገ `Chair` ወይም `chairs` አትጻፉ። የተፈቀዱትን ቃላት በአንድ ሰንጠረዥ መዝግቡ፤ አዲስ ካምፔይን የሚከፍት ሁሉ ከዚያ ይውሰድ። በጀትና የጨረታ መጠን ስም ውስጥ አይግቡ፤ ቁጥሩ በተቀየረ ቁጥር ስሙ ሐሰት ይሆናል።

ጥቅሙ ሪፖርት ስታወጡ ይታያል። የካምፔይን ስም `_Chairs_` የያዘውን ብላችሁ ብታጣሩ የወንበር ካምፔይኖች በሙሉ በአንድ ጊዜ ይወጣሉ። ሁለቱን `_` አትተዉ፤ ያለ እነሱ ብታጣሩ ወደፊት `ChairsParts` የሚባል ካምፔይን ቢከፈት እሱም አብሮ ይቆጠራል።

3. ጭብጦቹ እንዳይሻሙ አጥሩ

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። በ `Chairs_Office` ውስጥ "የቢሮ ወንበር" የሚል የሐረግ ቁልፍ ቃል አለ። «ለጀርባ ሕመም የሚሆን የቢሮ ወንበር» የሚለው ፍለጋም ይህን ሐረግ ስለያዘ፣ ለ `Chairs_BackPain` የታሰበው ሰው ተራውን የወንበር ማስታወቂያ ሊያይ ይችላል።

ይህ መከሰቱን ለማወቅ የፍለጋ ቃላት ሪፖርትን ክፈቱና የአድ ግሩፕ ዓምዱን ተመልከቱ። አንዱ ፍለጋ በሁለት አድ ግሩፕ ስም ከታየ ሽሚያ አለ ማለት ነው። መፍትሔው በ `Chairs_Office` ላይ አግላይ ቁልፍ ቃል መጨመር ነው፤ ይህ ማስታወቂያው እንዳይወጣ የሚከለክል ቃል ነው። ሆኖም አግላይ ቃል እንደ ተራው ቁልፍ ቃል ወደ ተቀራራቢ ቃላት አይሰፋም። በአማርኛ ይህ ከባድ ነው፤ «ለጀርባ» ብቻ ብታግዱ «የጀርባ» ያልፋል። «ጀርባ»፣ «ለጀርባ» እና «የጀርባ» ለየብቻ ይመዝገቡ።

4. የቆየ አካውንት ከሆነ

የካምፔይን ስም መቀየር ማስታወቂያውን አያቋርጥም፤ የቀድሞ ቁጥሮቹም አይጠፉም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የካምፔይኑን ስም በማስታወቂያው አድራሻ ላይ በ `utm_campaign` በእጅ ለምትጽፉ ነው። እዚያ ያለው አብሮ ስለማይቀየር፣ በጉግል አናሊቲክስ ሪፖርት ላይ አሮጌው ስም ይቀጥላል። አንዱን ካስተካከላችሁ ሌላውንም በዚያው ቀን አስተካክሉ።