ሄልሜት ሥር የሚበላ ራስ፦ ችግርና መፍትሄ

ፀጉር ቤቴ ከሞተረኞች መቆሚያ አጠገብ ነው። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ብዙዎቹ የሚሉኝ አንድ ነው፦ «ራሴን ይበላኛል፣ ፎሮፎሩ አልለቅ አለኝ።»

መጀመሪያ ፎሮፎሩን እዩት። እንደ ዱቄት ደቃቅና ደረቅ ከሆነ፣ ነካ ሲደረግ የሚረግፍ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሳሙናው ነው። አቧራ ለማስለቀቅ በልብስ ሳሙና ራሱን የሚያሽ ሰው ቆዳው ይደርቃል። ለስላሳ ሻምፖ ይበቃዋል።

ወዛም፣ ቢጫ መሰል፣ ቆዳው ላይ የተለጠፈ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ቅንድብና የአፍንጫ ጥግ ላይም ይወጣል። በየቀኑ የማየው ይሄን ነው። ሁላችንም ቆዳ ላይ ማላሴዚያ የሚባል ፈንገስ አለ፤ የሚበላው ወዛችንን ነው። ሄልሜት ሥር ሙቀትና ላብ ሲታፈን ይመቸዋል። ሰውየው ደግሞ «ደርቆብኝ ነው» ብሎ ቅቤ ይለቀልቅበታል። ለፈንገሱ ምሳ አቀረበለት ማለት ነው! እባካችሁ፣ እስኪድን ቅቤም ዘይትም ይቅር።

መፍትሄው ከፋርማሲ የሚገኘው 2% ኬቶኮናዞል ሻምፖ ነው። በሳምንት 2 ቀን፣ ለ4 ሳምንት ያህል። የሚታሸው ፀጉሩ ሳይሆን ቆዳው ነው። ከዚያ 5 ደቂቃ ቆይቶ መታጠብ።

አንድ ደንበኛዬ ከ3 ሳምንት በኋላ ተናዶ መጣ። «ብሬን አስበላኸኝ!» ስንት ደቂቃ ታቆየዋለህ አልኩት። ወዲያው ነው የሚያጥበው። ቆይ ሄልሜትህን አምጣ አልኩት። ሽታው ከበር ይቀበላል። የውስጡን ስፖንጅ ፈታሁና ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ ውሃው ጠላ መሰለ። ከተገዛ 2 ዓመቱ ነው፣ አንድ ቀን ታጥቦ አያውቅም። ንጹሕ ራስ እዚያ ውስጥ እየከተተ እንዴት ይዳን? በ5 ደቂቃው ሻምፖና በየሳምንቱ በሚታጠብ ስፖንጅ በወሩ ለቀቀው። አሁን በ2 ሳምንት አንዴ ብቻ ይታጠብበታል፤ ጨርሶ ከተወው ይመለሳል።

ስፖንጁን በሻምፖ እጠቡት፣ ጥላ ላይ አድርቁት። በረኪና አይነካው። ነጩን ፎም በቤንዚን የሚጠርግም አይቻለሁ፤ ፎሙ ይሟሟል፣ ስትወድቁ አያድናችሁም። ስፖንጁ የማይፈታ ከሆነ ስስ የጥጥ ኮፍያ ከሥር አድርጉና በየቀኑ ቀይሩት። ጠዋት ታጥባችሁ በእርጥብ ፀጉር ሄልሜት አትድፉ።

ማጅራት ላይ ጠጣር እብጠት ከወጣ በምላጭና በዜሮ ቶንዶስ መላጨት ይቁም፤ ቆይቶ ጠባሳው ያብጣል። ፀጉር በክብ እየተቆረጠ ከተመለጠ ቆረቆር ሊሆን ይችላል፤ የሚዋጥ መድኃኒት እንጂ ሻምፖ ብቻውን አያድነውም። መግል ከያዘ ደግሞ ወደ ቆዳ ሐኪም እንጂ ወደ እኔ አትምጡ።