የሩጫ መግቢያ ሰዓትን በቃል ማስላት፦ ሒሳቡ የሚሳሳትባቸው ቦታዎችና መፍትሄያቸው

ሯጮች ፍጥነታቸውን የሚናገሩት አንድ ኪሎ ሜትር በሚፈጅባቸው ጊዜ ነው። 5:20 ማለት እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይወስዳል ማለት ነው። ከዚህ ተነስቶ የመግቢያን ሰዓት ማወቅ ተራ ማባዛት ይመስላል። ሆኖም ብዙ ሯጭ በልቡ ይዞት የወጣው ሰዓትና መጨረሻው መስመር ላይ የሚያየው ሰዓት አይገጣጠሙለትም፤ ጥፋቱንም በእግሩ ላይ ያሳብባል። ጥፋቱ የሒሳብ በሚሆንበት ጊዜ ግን የልዩነቱን መጠን አይቶ ምክንያቱን መለየት ይቻላል። የ8 ደቂቃ ልዩነት መነሻው አንድ ነው፣ የአንድ ደቂቃ ልዩነት መነሻው ሌላ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት በስንት እንደተሳሳቱ ይመልከቱ።

በ10 ኪሎ ሜትር ሁለት ደቂቃ፣ በማራቶን ስምንት ደቂቃ ጎደለ

በ5:30 የሚሮጥ ሰው 10 ኪሎ ሜትርን በ53 ደቂቃ እጨርሳለሁ ብሎ ይነሳል፤ የሚገባው ግን በ55 ደቂቃ ነው። ያንኑ ሒሳብ ወደ ማራቶን ከወሰደው 3:43 ገደማ ያገኛል፤ ትክክለኛው 3:52:04 ነው።

መንስኤው 5:30ን እንደ 5.30 አድርጎ ማባዛት ነው። ሰከንድ የሚሞላው በ60 እንጂ በ100 አይደለም፤ 30 ሰከንድ ግማሽ ደቂቃ ሆኖ ሳለ በዚህ ስሌት ከደቂቃ ሲሶ እንኳ አይሞላም። የስልክ ማስያም እዚህ ላይ አያድንም፤ 5.30 ብለው ካስገቡለት የሚመልስልዎት ያንኑ ስህተት ነው። የእርስዎ ችግር ይህ መሆኑን ለማረጋገጥ የሰከንዱን ቁጥር ለ15 ያካፍሉ። 30 ለ15 ሲካፈል 2 ይሆናል፤ በ10 ኪሎ ሜትር ላይ የጎደለው ልክ 2 ደቂቃ ነው። በ5:15 ቢሆን አንድ ደቂቃ፣ በ5:45 ቢሆን ሦስት ደቂቃ ይጎድላል። በድፍን 5:00 ግን ምንም ስህተት አይታይም፤ ይህ ችግር ለረጅም ጊዜ ተደብቆ የሚቆየውም በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሄው ደቂቃውንና ሰከንዱን ለየብቻ መያዝ ነው። ለ10 ኪሎ ሜትር ደቂቃውን በ10 ያባዙ፣ ሰከንዱን ለ6 ያካፍሉ፣ ከዚያም ይደምሩ። ለ6 የሚካፈለው 10 ጊዜ ተባዝቶ ለ60 ከመካፈል ጋር አንድ ስለሆነ ነው። በ5:42 እንሞክረው። 5 በ10 ሲባዛ 50፤ 42 ለ6 ሲካፈል 7፤ ድምሩ 57 ደቂቃ ድፍን። ቀሪ ሲኖር እያንዳንዱ ቀሪ 10 ሰከንድ ነው፦ በ5:45፣ 45 ለ6 ሲካፈል 7 ደርሶ 3 ይቀራል፤ ስለዚህ 7 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ፣ በድምሩም 57:30 ይሆናል። የ5 ኪሎ ሜትሩ የዚህ ግማሽ ነው፤ 28:45።

ይህችን የ10 ኪሎ ሜትር ስሌት በደንብ ይልመዷት። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በእርሷ ላይ የሚቆም ነው።

በማራቶን አንድ ደቂቃ ያህል፣ በግማሽ ማራቶን ሠላሳ ሰከንድ ያህል ዘገየ

እዚህ ላይ የተረሳው የርቀቱ ጅራት ነው። ማራቶን 42 ሳይሆን 42.195 ኪሎ ሜትር፣ ግማሹም 21 ሳይሆን 21.0975 ኪሎ ሜትር ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ የዘገዩበት ጊዜ አንድ ኪሎ ሜትር ከሚፈጅብዎት ጊዜ በማራቶን አንድ አምስተኛው፣ በግማሽ ማራቶን አንድ አሥረኛው ገደማ ከሆነ የጎደለችው ይህችው ጅራት ናት።

ስህተቱ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ከሚፈለገው ሰዓት ወደ ፍጥነት ሲሰላ ነው። ማራቶንን ከ3 ሰዓት በታች መግባት የሚፈልግ ሰው 180 ደቂቃን ለ42 አካፍሎ 4:17 ያገኛል። ያንን ፍጥነት ምንም ሳያዛንፍ ቢጠብቅ የሚገባው በ3:00:44 ነው። ትንሽ ልጠንቀቅ ብሎ 4:16 ቢይዝ እንኳ 3:00:02 ይሆንበታል። ለሁለት ሰከንድ ሲባል የወራት ልምምድ ሲባክን ማየት ያሳዝናል፤ ከ3 ሰዓት በታች የሚያስገባው ፍጥነት 4:15 መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

መፍትሄው ማራቶንን በሦስት ቁራጭ መክፈል ነው፦ አራት ጊዜ 10 ኪሎ ሜትር፣ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ የአንድ ኪሎ ሜትር አንድ አምስተኛ። በ5:20 ሲሠራ እንዲህ ይሆናል።

10 ኪሎ ሜትሩ 53:20 ነው። አራት እጥፉ 213:20። ሁለት ኪሎ ሜትሩ 10:40 ሲጨመር 224 ደቂቃ ድፍን ይሆናል። የ5:20 አንድ አምስተኛ 1:04 ነው፤ ሲደመር 225:04፣ ማለትም 3:45:04። በትክክል ሲሰላ 3:45:02 ነው። አንድ አምስተኛ 200 ሜትር፣ ትክክለኛው ጅራት ደግሞ 195 ሜትር ስለሆነ ስሌቱ ሁልጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ወደ ዘገየው ያዘነብላል። ይህ ማዘንበል ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም፤ ሊታረም አይገባውም።

ለግማሽ ማራቶን ሁለት ጊዜ 10 ኪሎ ሜትር፣ አንድ ኪሎ ሜትርና የእርሱ አንድ አሥረኛ ይደመራሉ። በዚያው በ5:20፦ 106:40 እና 5:20 ተደምረው 112፣ 32 ሰከንድ ሲጨመር 1:52:32።

ቤት ውስጥ የሚሠራው ስሌት መንገድ ላይ ይጠፋል

ከሃያ ኪሎ ሜትር በኋላ 53:20ን በአራት ማባዛት ከባድ ነው። የደከመ አእምሮ መካከለኛ ውጤቶችን ይዞ መቆየት አይችልም፤ ስለዚህ መንገድ ላይ ከዜሮ መጀመር የለብዎትም። ጥቂት ሰዓቶችን እንደ ችካል በቃል ይያዙና ከእነርሱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይቁጠሩ።

ለማራቶን ሦስት ይበቃሉ። 4:00 የሚያስገባው በ2:48:47፣ 5:00 በ3:30:59፣ 6:00 ደግሞ በ4:13:10 ነው። ከዚያ ወዲያ የሚያስፈልገው አንድ ደንብ ብቻ ነው፦ በኪሎ ሜትር 10 ሰከንድ ሲጨመር ወይም ሲቀነስ የማራቶን ሰዓት በ7 ደቂቃ ይለወጣል። በግማሽ ማራቶን ለውጡ ሦስት ደቂቃ ተኩል፣ በ10 ኪሎ ሜትር 1:40 ነው። በ5:40 የሚሮጥ ሰው ከ6:00 ችካል በ20 ሰከንድ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ከ4:13:10 ላይ 14 ደቂቃ ቀንሶ 3:59:10 ያገኛል። ትክክለኛው 3:59:06 ነው፤ ለሩጫ መሀል ሒሳብ ይህ በቂ ነው።

ደንቡ ወደ ኋላም ይሠራል፤ የአንድ ሰከንድ ለውጥ በማራቶን 42 ሰከንድ ነውና። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ የዓለምን ክብረ ወሰን ሲያሻሽል የገባው በ2:03:59 ነበር። 3:00 የሚያስገባው በ2:06:35 ነው። ልዩነቱ 2 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ፣ ማለትም 156 ሰከንድ ነው፤ ለ42 ሲካፈል ከ4 ጥቂት ያንሳል። እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ2:56 ገደማ ሮጦታል ማለት ነው።

የእጅ ሰዓቱ ፍጥነቱ ልክ ነው ይላል፣ መግቢያው ግን አለፈ

አማካይ ፍጥነትዎ 5:40 ሆኖ ተመዝግቦ እያለ 4 ሰዓት አልፎ መግባት ይደርሳል። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ የተባዛው ርቀት ነው የተሳሳተው። የውድድር መንገድ የሚለካው በአጭሩ መስመር ነው፤ መታጠፊያ ላይ ከመንገዱ ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ርቆ ነው የሚኬደው። ሯጩ ግን ሰው ለማለፍ ይወጣል፣ ውኃ ለመቀበል ይሻገራል፣ መታጠፊያውን ሰፋ አድርጎ ይዞራል። መንገዱ ራሱ እንዳያጥር ሲባል ሲለካ ከሺህ አንድ ይጨመርበታል፤ በማራቶን ይህ 42 ሜትር ነው። በዚህ ላይ ሳተላይት የሚከተለው የእጅ ሰዓት በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ይዛባል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ 42.5 ኪሎ ሜትር ቢያሳይ አያስገርምም። በ5:40 የተሮጠ 42.5 ኪሎ ሜትር 4:00:50 ይሆናል።

ችግሩን የሚለዩት በየኪሎ ሜትሩ ምልክት ላይ ነው። የእጅ ሰዓትዎ ከምልክቱ ቀድሞ የሚጮህ ከሆነና ክፍተቱ እየሰፋ ከሄደ የሚያሳይዎትን አማካይ ፍጥነት አይመኑት። እያንዳንዱ ትርፍ 100 ሜትር የአንድ ኪሎ ሜትር ጊዜዎን አንድ አሥረኛ ይወስዳል፤ በ5:40 ይህ 34 ሰከንድ ነው። መፍትሄው ፍጥነቱን ትቶ ምልክቱ ላይ ያለፈውን ጠቅላላ ጊዜ መያዝና የቀረውን ርቀት ብቻ ማስላት ነው።

ከ4 ሰዓት በታች ለመግባት የምትሮጥ አንዲት ሯጭ 30 ኪሎ ሜትር ምልክት ላይ 2:51:00 አየች እንበል። የቀራት 69 ደቂቃና 12.2 ኪሎ ሜትር ነው። በ5:40 ትሞክራለች፦ 10 ኪሎ ሜትሩ 56:40፣ ሁለቱ 11:20፣ አንድ አምስተኛው 1:08፤ ድምሩ 69:08። የጎደላት 8 ሰከንድ ነው። በ12 ኪሎ ሜትር ላይ አንዳንድ ሰከንድ ብትቀንስ 12 ሰከንድ ታተርፋለች፤ ስለዚህ 5:39 ይበቃታል። በዚህ ፍጥነት አምስት ኪሎ ሜትር 28:15 ስለሆነ 35 ኪሎ ሜትር ላይ 3:19:15 ማየት አለባት።

ያየችው ግን 3:19:45 ነው። ሠላሳ ሰከንድ ተበልጣለች፣ የቀራት 7.2 ኪሎ ሜትር ነው። ሠላሳ ለሰባት ሲካፈል ከ4 ጥቂት ይበልጣል። ቀድሞ ከያዘቻት ትርፍ ጋር 4 ሰከንድ መቀነስ ያዋጣታል፤ ከዚህ ወዲያ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር በ5:35 መሮጥ አለበት። ይህንን ሁሉ ያሰላችው ፍጥነት የሚያሳየውን መስኮት አንዴም ሳታይ ነው። 40 ኪሎ ሜትር ላይ ሰዓቱ 3:47:40 ካሳየ በቂ ጊዜ አላት፤ ለመጨረሻዎቹ 2.2 ኪሎ ሜትሮች በ5:35 የሚያስፈልጋት 12:17 ነው።