የተፎካካሪን ማስታወቂያ ስናነብ የምንሠራቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ የሱፍ ብርድ ልብስ ትሸጣላችሁ እንበል። ተፎካካሪያችሁ ጎረቤት ሱቅ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ሆኖ ከውጭ የመጣ ብርድ ልብስ በፌስቡክ የሚያስተዋውቀውም ገበያችሁን ይሻማል። እሱ አሁን ምን እያስተዋወቀ እንደሆነ በሜታ የማስታወቂያ ላይብረሪ፣ facebook.com/ads/library ላይ፣ በነፃ ታያላችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አነባበቡ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት በአንድ አጻጻፍ ብቻ ፈልጎ «ማንም አያስተዋውቅም» ማለት ነው። አገሩን ኢትዮጵያ፣ ዓይነቱን All ads አድርጉና «ብርድ ልብስ»፣ «ብርድልብስ»፣ birdlibs፣ blanket እያላችሁ ሞክሩ። ዕቃውንና ዋጋውን ፎቶው ላይ ጽፎ ከላይ «ይደውሉልን» ብቻ የሚል ነጋዴም ሞልቷል። እንዲህ ያለው በቃል ፍለጋ ላይወጣ ስለሚችል በፔጁ ስም ፈልጉት።

ሁለተኛው ከሁሉም የከፋ ነው፤ ያዩትን ማስታወቂያ ሁሉ «ይሸጣል» ብሎ መገመት። ላይብረሪው ለእኛ አገር ተራ የንግድ ማስታወቂያ ስንት ብር እንደወጣበትም፣ ስንት ሰው እንዳየውም አይነግርም። የሚያሳየውም በሥራ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ዋናው ፍንጭ Started running on የሚለው ቀን ነው። አንዱ ማስታወቂያ «ታላቅ ቅናሽ» ብሎ ከሦስት ቀን በፊት ጀምሯል። ሌላው «ለውርጩ ይዘጋጁ» ብሎ ሁለት ወር ቆይቷል። ሰው ለማያዋጣ ነገር ሁለት ወር ሙሉ መክፈሉ ብዙም አያስኬድም፤ ስለዚህ ሁለተኛውን አጥኑ። ይህም ቢሆን ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም። የቆመ ማስታወቂያ ከላይብረሪው ስለሚጠፋ በየሳምንቱ ስክሪንሾት አንሱና ቀኑን ጻፉበት። ከወር በኋላ የቱን ሐሳብ እንደተዉት፣ የቱን ደጋግመው እንደመለሱት በግልጽ ይታያችኋል።

ሦስተኛው፣ ማንም ያላለውን ነገር ሁሉ የገበያ ክፍተት ነው ብሎ ዘሎ መግባት። ማስታወቂያዎቹን ወረቀት ላይ ዘርዝሩ፤ ምን ቃል ይገባሉ? ዋጋ ይናገራሉ? ምን ይጨምራሉ? ሁሉም «ለስላሳ፣ ሞቃት፣ በተመጣጣኝ ዋጋ» ቢሉና ስለ አጠባበቁ አንድም ባይናገር፣ ገዢው ግድ ስለሌለው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወደ ፔጆቻቸው ሄዳችሁ ኮሜንቱን አንብቡ። «ሲታጠብ ይሰበሰባል?» «ሰውነት ያሳክካል?» የሚል ጥያቄ ከተለያዩ ሰዎች እየመጣ መልስ ካጣ፣ ክፍተቱ እዚያ ነው። ያኔ የእናንተ ማስታወቂያ በመልሱ ይጀምር፦ «በቀዝቃዛ ውሃ በእጅ ይታጠባል፤ ሱፍን የሚሰበስበው ሙቅ ውሃና ፍትጊያ ነው።» የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ግን ተዉት።

የመጨረሻው፣ ላይብረሪው ገበያውን ሁሉ ያሳየኛል ብሎ ማሰብ። ብዙ ሱቅ የሚሸጠው በቴሌግራም ቻናል ነው፤ ያ እዚህ አይታይም። ቻናሉን ከፍታችሁ እስከ አምና ጥቅምት ወደ ላይ ውጡ። ካልሰረዙት የያኔው ዋጋም፣ ብርዱ ሲጠና ያወጡት ቅናሽም እዚያው አለ።