ከተቀደደ ፎቶግራፍ አጭር ልብ ወለድ እንዴት ይጻፋል

አንዲት ሴት የተቀደደ አሮጌ ፎቶግራፍ ይዛ፣ አያቷ ብቻ እስክትቀር ድረስ በመቀስ ትከረክመዋለች። ከዚህ ሌላ ምንም የማይሆንበት አጭር ልብ ወለድ መጻፍ ይቻላል። ቦታውን ጎጃም፣ ሞጣ አካባቢ እናድርገው፤ ሴትዮዋንም ትርንጎ እንበላት።

መጀመሪያ የመቁረጧን ምክንያት ያግኙ። ናፍቆት ብቻውን መቀስ አያስነሳም። የእኛ አገር ለቅሶና ተዝካር ግን ፎቶግራፍ ይጠይቃል። ስለዚህ ነገ የአያቷ አርባ ነው፤ አጎቷ ትንሽ ክፈፍ ገዝቶ መጥቷል፤ «ልጄ፣ የእናቴን ብቻ አውጪልኝ» ይላታል። «ፎቶ ቤት ወስዳ ለምን አታሠራውም?» የሚል አንባቢ መኖሩ አይቀርም። ጊዜው መሽቷል፣ ፎቶ ቤቱ ተዘግቷል። ይህንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቁመው ይለፉ።

ቀጥሎ ቅዳዱ የማን እጅ እንደሆነ ይወስኑ። ብዙ ጀማሪዎች እዚህ ይሳሳታሉ፤ ፎቶግራፉ በእርጅና እንዲሁ የተቀደደ ይመስላቸዋል። ወረቀት ግን እንዲሁ ለሁለት አይሰነጠቅም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ የትርንጎ አያት ባል ከነዚህ የአንዱ ሊቀመንበር ነበር ይበሉ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል፣ በደርግ ዘመን ሥልጣን የነበራቸው ገበሬዎች «ቢሮክራሲ» ተብለው ይዞታቸው ተቀነሰ። ያኔ አያቲቱ ባሏን ከፎቶግራፉ በእጇ ቀደደችው። በፍርሃት ይሁን በቁጣ፣ ደራሲው ሊያውቅ ይገባል። ትርንጎ ግን ባታውቅ ይሻላል። እርስዎ ካወቁ የቅዳዱን መንገድ ያውቁታል፤ በቁጣ የተቀደደ ወረቀት በአንድ ጊዜ ይሄዳል፣ በፍርሃት የተቀደደ ግን እየቆመና እየታጠፈ ነው የሚወርደው።

አሁን ወደ ሥራው ይግቡ፤ የታሪኩ አብዛኛው ክፍል እዚህ መሆን አለበት። ፎቶግራፉ ጥቁርና ነጭ ነው፤ በጥምቀት ጠዋት ሜዳ ላይ የተነሳ። ብርድ ስለነበር ባልና ሚስቱ አንድ ጋቢ ለሁለት ተከናንበዋል። ችግሩ ይህ ጋቢ ነው። የፎቶ ወረቀት ሲቀደድ ሥዕሉ ያለበት ስስ ሽፋን ተልጦ ከሥሩ ያለው ነጭ ወረቀት በአንዱ ወገን ጠርዝ ላይ ይገለጣል። ጋቢውም ነጭ ነው። ትርንጎ ፎቶግራፉን ወደ መብራቱ ታስጠጋዋለች፣ ታዘነብለዋለች፤ ጋቢው የት አልቆ ቅዳዱ የት እንደሚጀምር መለየት ያቅታታል። በጣቷ ጫፍ ስትዳስሰው ግን ይለያል፤ ጋቢው ለስላሳ ነው፣ ቅዳዱ ይሻክራል። ስለዚህ ዓይኗን ትታ በጣቷ ትመራለች።

ይህን ስትጽፉ እጅ የሚሠራውን በትክክል ይከተሉ። አሮጌ ፎቶግራፍ ወደ ሥዕሉ በኩል ይጠቀለላል፤ በጉልበት ከተዘረጋ ሽፋኑ ይሰነጠቃል። ትርንጎም በሁለት መጽሐፍ መካከል አቆይታዋለች። ቀጥታውን ጠርዝ በማስመሪያና በምላጭ ትቆርጣለች፤ ትከሻው ጋ ስትደርስ ምላጩን ትታ መቀስ ታነሳለች። ክብ ሲቆረጥ መቀሱ ባለበት ይቆያል፣ የሚዞረው ወረቀቱ ነው። አያቲቱ በትርንጎ እጅ ላይ ቀስ እያለች ስትዞር ማሳየት ከአንድ ገጽ ትዝታ ይበልጣል። ሹሩባዋ፣ የአንገቷ ንቅሳት፣ ማተቧ በየተራ ወደ ላይ ይመጣሉ፤ ትርንጎ የምታውቃት ቆብ የደፋች መነኩሲት ናት፣ ይህችን ወጣት አታውቃትም።

የቀረው ውሳኔ የጋቢው ነው። ሙሉውን ካወጣችው የአያቲቱ ግራ ትከሻ አብሮ ይሄዳል፤ ከተወችው የባልየው ግማሽ ልብስ አያቲቱ ላይ ይቀራል። ምን እንደምታደርግ እርስዎ ይምረጡ፤ እኔ ብሆን አስቀረዋለሁ፣ አጎቷም አይቶ እንዳላየ እንዲያልፍ አደርጋለሁ። «ጋቢው ፍቅራቸው ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ከጻፉ ግን ይሰርዙት።

የተቆረጠው ቁራጭ የት እንደገባም ይጻፉ። እሳት ውስጥ፣ መጽሐፍ ውስጥ ወይም መሬት ላይ ሊሆን ይችላል፤ ያለ ቦታ ከቀረ አንባቢው እስከ መጨረሻው ይፈልገዋል። ነገ ስለሚሆነው ተዝካር መጻፍ አያስፈልግም፤ ፎቶግራፉ ክፈፉ ውስጥ ሲገባ ታሪኩ አልቋል።

ሲታረም በመጀመሪያ የሚመረመረው የ1989ኙ አንቀጽ ነው። ከአምስትና ስድስት ዓረፍተ ነገር ካለፈ ታሪኩ ከትርንጎ እጅ ወጥቶ ወደ መሬት ድልድሉ ሄዷል ማለት ነው፤ ከዚያ ይቀንሱ። የመቁረጡን ክፍል አይንኩት።